እትዬ ፍሬን ቲሸርት ላሳትም ስትል

መኪና አስለማማጅ ናት። ስሟን ከባሏና ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ለሰፈሩም፣ ለተማሪዎቿም፣ በስልክ ለሚያያት ለማታውቀው ሕዝብም እትዬ ፍሬን ናት። ስሙ የወጣላት ከምትቀመጥበት ወንበር ነው። የማስተማሪያ መኪና ተማሪው ከሚረግጠው ፍሬን ሌላ፣ በአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። እትዬ ፍሬን የዕድሜዋን ግማሽ ያሳለፈችው ቀኝ እግሯን እዚያች ፔዳል ላይ አሳርፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ሞት ፊት ለፊት እየመጣ እንዳላየ ሰው ተረጋግታ ነው።

ድምጿ ከፍ ብሎ አያውቅም። ተማሪው መሪውን እንደ ገደል ጫፍ ጨብጦ ወደ ቆመ የጭነት መኪና ሲነዳ፣ እሷ እንግዳ እንደምታስተዋውቅ ሁሉ፣ «ያ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ይባላል፤ እሱ አይንቀሳቀስም፤ መንቀሳቀስ ያለብን እኛ ነን» ትላለች። ተማሪው ላብ በላብ ሲሆን ደግሞ ያቺን ሁሌም የምትላትን ትላለች፦ «አይዞህ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው።»

ይህን ንግግር ለዓለም ያደረሰችው የእህቷ ልጅ ናት። ልጅቷ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ መንዳት የተማረችው ከአክስቷ ነው። በልምምዱ ሰሞን ስልኳን ለራሷ ማስታወሻ ብላ የፊት መስታወቱ ላይ ሰክታ ድምፅና መንገዱን ቀረጸች፤ ቤት ገብታ ስትሰማው ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲበርድላት ቻናል ከፈተች። ደንባቸው አንድ ነው፦ ካሜራው መንገዱን እንጂ ተማሪውን አያሳይም፤ ተማሪው ካልፈቀደም ድምፁ አይወጣም። የሚገርመው ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አደባባይ ገብቶ መውጫው ጠፍቶበት ሲዞር፣ ሲዞር፣ እትዬ ፍሬን «አይቸኩሉ፣ ነዳጅ አለን» ያለችበት ቪዲዮ ከሁሉ በላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጽፈው አስተያየት ሁሉ ያቺው የፍሬን ቃሏ ሆነ። ነገ ሠርጌ ነው ለሚል ሙሽራም፣ ፈተና ላይ ነኝ ለሚል ተማሪም፣ መልሱ «አይዞህ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» ነው።

ቀጥሎ የመጣው ልመና ነው። «ይቺን ቃል ቲሸርት ላይ አሳትሚልን!» አለ አንዱ። ሌላው ደገመ። ከዚያማ እንደ ዝናብ ወረደ።

ይህን ልመና ከሁሉ ቀድሞ በጆሮው የያዘው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። አታሚ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ቀለም ይለዋል፤ ምክንያቱም ጥፍሩ ውስጥ የዕለቱ ሥራ ቀለም ምንጊዜም አይጠፋም። ሱቁ ስትገቡ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ አፍንጫ ይመታል፤ በግድግዳው ዙሪያ ስስ ወንፊት የተወጠረባቸው የእንጨት ፍሬሞች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ስቲከር መቁረጫው ማሽን አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። እትዬ ፍሬንን አስጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት።

«ስሚኝ የወንድሜ ሚስት» አለ። «አምስት መቶ ቲሸርት እናትማለን።»

«አምስት መቶ ሰው መቼ አውቃለሁ ጋሼ?»

«አንቺን የሚያውቅሽ ስንት ነው? እሱን ንገሪኝ!» አለና አንዱን ፍሬም አንስቶ ወደ ብርሃኑ አሳያት። «ይኸውልሽ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይዘጋጃል። ጽሑፉ ነጭ፣ የፍሬኑ ሥዕል ቀይ ከሆነ ሁለት ፍሬም ማለት ነው። ይሄን ማዘጋጀት ድካሙ ለአስርም ለአምስት መቶም ያው ነው። አስር ካተምሽ ድካሙ ሁሉ አስሩ ላይ ይወድቃል፤ የአንዱ ቲሸርት ዋጋ እሳት ይሆናል። አምስት መቶ ካተምሽ ግን ተከፋፍሎ ምንም አይመስልሽም። የአንዱ ዋጋ ከግማሽ በታች ነው።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ጋሼ ቀለም ውሸት አያውቅም፤ የሱ ችግር እውነትን እየቆራረሰ፣ የምትጣፍጠዋን ብቻ ማቅረቡ ነው። እትዬ ፍሬን ለመኪናዋ ፍሪሲዮን ማስቀየሪያ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበራት። ወደ ቤት ስትመለስ አምስት መቶ ሰው ደረቱ ላይ የሷን ቃል ለጥፎ በየመንገዱ ሲሄድ ታያት፤ ደስ አላት፤ ትንሽም አፈረች።

የእህቷ ልጅ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«አክስቴ፣ ስንት ትንሽ፣ ስንት መካከለኛ፣ ስንት ትልቅ ልታሳትሚ ነው?»

«ምኑን?»

«ልኩን ነዋ። ሰው ሁሉ አንድ ልክ አይደለም። ወፍራሙ መጥቶ ትንሿ ብቻ ብትቀርሽ ምን ልትዪው ነው? አይዞህ?»

ይህንን ጋሼ ቀለም አላነሳውም ነበር። ልጅቷ ቀጠለች። ሲታዘዝ ብቻ የሚያትሙ ድረ ገጾች አሉ አለች። ሥዕሉን ትሰጫቸዋለሽ፤ እነሱ ለሽያጭ ያወጡታል፤ ገዢው ከፍሎ ሲያዝ ያንኑ አንድ ቲሸርት አትመው በፖስታ ይልኩለታል። መጋዘን የለ፣ የተረፈ ካርቶን የለ፤ እነሱ የራሳቸውን ዋጋ ያስቀራሉ፣ ከዚያ በላይ የጨመርሽው ያንቺ ነው።

«አንድ ሰው ብቻ ቢያዝስ?»

«አንድ ያትማሉ።»

እትዬ ፍሬን ይህ ነገር ለማመን ከሚከብድ ወገን ሆነባት። ሆኖም ልጅቷ መጀመሪያ ለራሳችን ናሙና እናዝ፣ ሳናየው ለሰው አንሸጥም ስላለች ተስማማች። ልጅቷም ድረ ገጹ ላይ ጽሑፍ መጻፊያ ቦታ አግኝታ «አይዞህ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» ብላ ጻፈች፤ ስልኳ ላይ አምሮ ታየ፤ አዘዘች። የፖስታው ዋጋ ከቲሸርቱ ሲበልጥ አየችና ጥርሷን ነከሰች፤ ለናሙና ነው ብላ ከፈለች።

ናሙናው ሲመጣ ማዘዛቸውን ረስተውት ነበር። ፖስታ ቤት ተሰልፋ፣ ቀረጥ ከፍላ፣ እትዬ ፍሬን ጥቅሉን ይዛ ቤት ገባች። ባሏ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ ነው፤ በመቀስ ከፈተውና ቲሸርቱን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ምን ይላል?» አለ።

ምንም አይልም። ፊደሉ መሆን በነበረበት ቦታ ሁሉ ሳጥን ነው። ትንንሽ፣ ንጹሕ፣ እኩል እኩል የሆኑ ባዶ ሳጥኖች ደረቱ ላይ ተደርድረዋል። ድረ ገጹ የኛ ፊደል ስላልነበረው ስልኩ ያሳያትን ማሽኑ አላወቀውም፤ ያላወቀውን ሁሉ ሳጥን አድርጎ አረፈ። ጥራቱስ? ጥራቱ የሚያስቀና ነው። ሳጥኖቹ ምንም ቢታጠቡ አይለቁም።

ባሏ የተገዛ ነገር ሲጣል አይወድም፤ ለበሰውና ወጣ። ጎረቤት መስቀለኛ ቃል ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። መድኃኒት ቤት ደግሞ አንዲት ደንበኛ እስክሪብቶ አውጥታ ልትሞላው ትንሽ ቀራት።

ጋሼ ቀለም ይህን ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁን ግን የእህቷ ልጅ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ስህተቱ የኔ ነው አለች፤ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሥዕል አድርጌ መስጠት ነበረብኝ፤ ሥዕል ሳጥን አይሆንም። አስተካክላ ሰጠች። በሌላ አገር የሚኖር አንድ ተከታያቸው አዝዞ በቀናት ውስጥ እዚያው አገር ታትሞ ደረሰው፤ ፎቶ ላከ፤ ፊደሉ ፍንትው ብሏል። ስለዚህ ውጭ ላሉት ድረ ገጹ ይሁን ተባለ። ነገር ግን ከተከታዮቻቸው አብዛኛው እዚሁ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ በውጭ ካርድ አይከፍልም፣ ከቲሸርት የበለጠ ፖስታ አይከፍልም፣ ከወር በላይም አይጠብቅም። ለሱ የሚሆነው እዚህ የሚታተም ነው። ጋሼ ቀለም መሣሪያውን መወልወል ጀመረ።

«ስንት ሰው እንደሚገዛ እንጠይቅ» አለች እትዬ ፍሬን። ቻናሉ ላይ «ቲሸርቱ ቢታተም ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው አዎ አለ። ጋሼ ቀለም ቁጥሩን በስልኩ ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አየው።

«አምስት መቶ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ሺህ ነው።»

«ጋሼ» አለች የእህቷ ልጅ፣ «አዎ ማለት ምን ያስከፍላል? ጣት ነው። እኔ ራሴ በሳምንት ውስጥ ስንት ነገር አዎ እላለሁ፤ ከተጫንኩት የገዛሁት የለም።»

«ሰውን አትመኚም ማለት ነው?»

«አምናለሁ። ቀብድ ሲከፍል ደግሞ የበለጠ አምናለሁ።»

ጋሼ ቀለም የተሰደበ ያህል ተሰማው። «አድናቂን ቀብድ?» አለ ለእትዬ ፍሬን፣ ልጅቷ አጠገቡ እንደሌለች። እትዬ ፍሬን ግን አሰበችበት። ተማሪዎቿ ሲመዘገቡ ሁሉም ነገ እመጣለሁ ይላሉ፤ የሚመጡት የከፈሉት ናቸው።

«ለመሆኑ ጋሼ፣» አለች፣ «ፍሬም አዘጋጅተው ቢያትሙ እንዳይከስሩ፣ ቢያንስ ስንት ቲሸርት ያስፈልጋል?»

«ሃምሳ» አለ ሳያስብ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ሊይዝ ምንም አልቀረው።

እንግዲህ ወሰኑ ሃምሳ ሆነ። ልጅቷ አራት ዕቃ በሥዕል ብቻ አዘጋጀች፤ አንዱም ገና አልተሠራም። ቲሸርት፣ ኩባያ፣ ኮፍያ፤ አራተኛው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ብላ ደግሞ ለመኪና የኋላ መስታወት የሚለጠፍ ስቲከር። ስቲከሩ ላይ «ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል እትዬ ፍሬን ከለከለቻት።

«ውሸት ይሆናል። ብቻውን ለሚነዳ አዲስ ሰው ሁለተኛ ፍሬን ከየት ይመጣል? ከኋላ ያለው አምኖ ቢጠጋውስ?» አለችና ከኋላ የሚጮህባቸው ሹፌር ሲኖር ሁልጊዜ የምትናገረውን ሰጠቻት፦ «አዲስ ነኝ፤ ክላክስ አያስተምረኝም።»

ማስታወቂያው ግልጽ ነበር። ዕቃው ገና አልታተመም፤ የምትፈልገውን መርጠህ፣ ልክህን ጽፈህ፣ ቀብድ በስልክ ትልካለህ፤ ከአንዱ ዕቃ ሃምሳ ካልሞላ የዚያ ዕቃ ቀብድ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጊዜው ሁለት ሳምንት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሺዎቹ የት እንደገቡ አልታወቀም። «ደመወዝ ይውጣ»፣ «ጥቁር ቢኖረው»፣ «ባለ እጅጌ ቢሆን»፣ «ስጦታ አይሆንም?» እያሉ ጻፉ። አንዲት ሴት ቲሸርቱን በጣም እንደምትወደው፣ ነገር ግን ቲሸርት እንደማትለብስ ገለጸች። ቀብድ የላኩት ጥቂት ናቸው። እትዬ ፍሬን በትምህርት መሃል ስልኳን አታይም፤ ይህ የራሷ ሕግ ነው፤ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ዓይኗ ወደ ቦርሳዋ ይሄድ ጀመር። አንድ ተማሪ ቀይ መብራት ላይ፣ «እትዬ፣ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» አላት። ተማሪ አስተማሪውን ሲያጽናና ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከምሳ በኋላ የቲሸርት ትዕዛዝ ይጎርፍ ጀመር። አንድ፣ አንድ፣ ደግሞ አንድ፤ ሁሉም ከነቀብዱ። ሥራዋን ስትጨርስ ሃምሳ አልፎ ነበር። እትዬ ፍሬን ከደስታዋ ብዛት ተማሪዋን በመንገዱ ዳር ሳይሆን ቤቱ በር ድረስ አደረሰችው። ባሏን ጠርታ ነገረችው፤ ባሏ «ጥሩ ነው» አለ፤ ይህ ለሱ ጭብጨባ ነው።

በማግሥቱ፣ በሁለት ተማሪዎች መሃል በነበራት ዕረፍት፣ ያዘዙትን ሰዎች እየደወለች ልታመሰግን ተነሳች። የመጀመሪያው ስልክ ተነሳ።

«ቲሸርታችንን ስላዘዙ ላመሰግን ነው የደወልኩት። እትዬ ፍሬን ነኝ።»

«ማን ፍሬን?»

«የቻናሉ። ቪዲዮዎቻችንን የሚያዩት። የትኛውን ወደዱት ለመሆኑ?»

«ሁሉም… ጥሩ ነው» አለ ሰውዬው። «በተለይ ያ… ፍሬን የያዝሽበት።»

«የአደባባዩን ነው?»

«እሱን! አደባባዩን በደንብ ነው ያሳየሽው።» ቀጥሎ ነገሩ አላስቻለውም። «እህቴ፣ እኔ እንኳ ቀለም ነው የምሸጠው። መኪናም የለኝ። ደንበኛዬ ላክ ሲለኝ ላክሁ፤ ገንዘቡንም እሱ ነው የሰጠኝ። የሠራሁት ጥፋት አለ?»

«የለም» አለች እትዬ ፍሬን። «እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ዝርዝሩን ከፍታ አየችው። ከጎረፉት ትዕዛዞች አብዛኛው «ትልቅ ልክ» ይላል፤ አብዛኛውም «ከማተሚያ ቤቱ ራሴ እወስዳለሁ» ይላል። ቀጣዩን ተማሪ አስፈቅዳ ልምምዱን በማተሚያ ቤቱ በኩል አደረገችው፤ ከበሩ ፊት ለፊት በቆሙ መኪኖች መሃል ማቆም አለማመደችውና ሞተሩን አስጠፍታ ገባች።

ሱቁ ውስጥ መራመጃ የለም። ካርቶን በካርቶን ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጋሼ ቀለም በካርቶኖቹ መሃል ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ስታየው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቀለም ሻጭዎ ሰላም ብሎዎታል» አለች።

ጋሼ ቀለም ወደ ካርቶኖቹ አየ፤ ካርቶኖቹ አላገዙትም።

«ምንድን ናቸው እነዚህ ጋሼ?»

«ቲሸርት።»

«የማን?»

«ያንቺ» አለ፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ። ያን ሁለት ሺህ አዎ ያየሁ ዕለት አከፋፋዩ ዘንድ ሄድኩ። ቅናሽ ነበረው። አምስት መቶ ባዶ ቲሸርት ገዛሁ። ብርቱካንማ ነው፤ ለዚያ ነው የቀነሰልኝ።»

«ሁሉም ብርቱካንማ?»

«ሁሉም። ሁሉም ትልቅ ልክ።»

እትዬ ፍሬን ካርቶን ላይ ተቀመጠች። መቆጣት ፈለገች፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ ፊት ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ ነዳጅ ከረገጠ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ ተማሪ ፊት ነው።

«ታዲያ ለሰዎቹ ገንዘብ ሰጥተው ማስላክዎ ምን ይባላል?»

«ሃምሳው እንዲሞላ ነዋ። ሃምሳ ከሞላ ታሳትሚያለሽ፣ ካሳተምሽ ሰው ያያል፣ ካየ ይገዛል። ጅማሬ ነው የጎደለው ብዬ ነው።» ጥፍሩን ማየት ጀመረ። «ደግሞም… ይህ ሱቅ ከስንት ጊዜ ወዲህ ሥራ አይቶ አያውቅም። ድሮ ማኅበሩም፣ ድርጅቱም፣ ትምህርት ቤቱም እዚህ ነበር የሚያሳትመው። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ራሱ ያትማል። ያንቺ ነገር ሲመጣ… ደስ አለኝ።»

ይህን ሲል እውነተኛ ወንድም እንጂ ነጋዴ አልመሰለም። እትዬ ፍሬን አዘነችለት። ግን ሥራዋ ሲያዝኑም እግርን ከፍሬኑ አለማንሳት ነው።

«ጋሼ፣ የላኩት ቀብድ ሁሉ ይመለስልዎታል። ቲሸርቱ ግን በሐሰተኛ ሃምሳ አይታተምም። እኔ እኮ የፍሪሲዮኔን ገንዘብ ላወጣበት ነበር።»

ውጭ ተማሪው መኪናዋን ለማንቀሳቀስ ሞክሮ ኖሮ ክላክስ ተሰማ፤ ሮጣ ወጣች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅቷ የውሸቱን አውጥታ ቆጠረች። የእትዬ ፍሬን ባል ትዕዛዝም ወጣ፤ በሦስት ወዳጆቹ ስም ሦስት ቲሸርት አዝዞ ኖሯል። «እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አለ፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጠም። የቀረው ቲሸርት አስራ ዘጠኝ ነው። ኩባያ ከዚያም ያነሰ፤ ኮፍያማ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም በስህተት ነክቶት ነው።

ስቲከሩን ያየው አልነበረም። ሲታይ ግን መቶ አርባ ደርሷል፤ ማንም ሳይገፋው፣ ከየአቅጣጫው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች፣ ቀብድ ሳይሆን አንዳንዱ ሙሉ ዋጋውን ልኮ። ሰዎቹ የጻፉትን እትዬ ፍሬን አንድ በአንድ አነበበች። «ባለቤቴ ትናንት ፈቃድ አወጣች፤ በሰላም ትግባልኝ» ይላል አንዱ። «መብራት ላይ መኪናው ሲጠፋብኝ ከኋላ ይጮሁብኛል» ትላለች አንዷ። «ሁለት ላኩልኝ፤ አንዱ ለእናቴ ነው።»

«ቲሸርቱን የሚወዱት ስለሚወዱሽ ነው» አለች የእህቷ ልጅ። «ስቲከሩን የሚገዙት ግን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ልክ የለው፣ በተራ ፖስታ ይላካል፣ ዋጋውም አያስከፋ።»

ጋሼ ቀለም ስቲከር ሲባል መጀመሪያ አኮረፈ። «ይሄ ሥራ ነው? ወረቀት መቁረጥ!» አለ። ሆኖም ያን አቧራ የጠጣ ማሽን ጠረገው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። እትዬ ፍሬን መቶ አርባውን በአንድ ጊዜ እንዲያትም አልፈቀደችም፤ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ አትሞ በሷ፣ በልጅቷና በራሱ መኪና ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ፀሐይ ይምታው፣ ዝናብ ይውረድበት፣ መኪና አጣቢ በብሩሽ ይፈግፍገው ተባለ። ትንሽ ቆይቶ የሷ መኪና «አዲስ ነኝ» ማለቱን ተወና «ዲስ ነ» ማለት ጀመረ። ጋሼ ቀለም ጭንቅላቱን ያዘ፤ ከዚያ ግን ይህ የሱ ሜዳ ነው፤ ለውጭ የሚሆን ቀለም ለወጠ፣ ከላይ ግልጽ መሸፈኛ ፕላስቲክ አለበሰው፣ ጠርዙን አሞለሞለው፤ ሹል ጠርዝ ቶሎ ይላጣል አለ። ሁለተኛው ሙከራ ብሩሹን ናቀው። ያኔ ሁሉም ታተመ፤ ለተጨማሪ ለሚመጣ ትንሽ ብቻ ተጨምሮ።

አስራ ዘጠኙ ቲሸርትስ? ቃሉ ቃል ስለሆነ ቀብዳቸው ተመለሰ። ገንዘቡ ሲደርሳቸው ግን አብዛኞቹ ቲሸርቱን ነው የምንፈልገው ብለው ተቆጡ። ጋሼ ቀለም ያኔ እስከዚያ ያላነሳውን መንገድ አነሳ፦ ያለ ፍሬም፣ ሥዕሉን ልዩ ፕላስቲክ ላይ አትሞ በሙቀት መጫኛ አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፤ ግን አንድም አይተርፍም። ዋጋው እንደሚጨምር ለሰዎቹ ተነገራቸው፤ አስራ አንዱ እንደዚያም ይሁን አሉ። ለአስራ አንድ ሰው አስራ አንድ ቲሸርት በየልኩ ታተመ። አንዳቸውም ብርቱካንማ አልመረጡም።

የብርቱካንማዎቹ ካርቶኖች ነገር ቀላል አልነበረም። ጋሼ ቀለም የተወሰነውን ለመንገድ ጽዳት ሠራተኞች ማኅበር በገዛበት ዋጋ ሸጠ፤ ለነሱ ከሩቅ መታየቱ ጥቅም ነው። ቀሪዎቹ አሁንም አሉ። ለቤተሰቡ ሁሉ እያደለ ነው፤ የልደት ቀን ሲደርስ ሁሉም ሰው ከወዲሁ ይጨነቃል።

እትዬ ፍሬን ፍሪሲዮኗን አስቀየረች። ስቲከሩ እየተጠየቀ፣ ጋሼ ቀለም በትንሽ በትንሹ እያተመ ቀጠለ፤ በሱቁም ሰው መታየት ጀመረ። አንድ ቀን ከተማሪ ጋር ስትሄድ ከፊቷ ያለ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ሳይጠይቅ መሃል ገባ፣ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ከኋላው ያሉት ሹፌሮች ሁሉ ግን በትዕግሥት ጠበቁት፤ አንዷ እንዲያውም በእጇ እለፍ አለችው። መስታወቱ ላይ «አዲስ ነኝ፤ ክላክስ አያስተምረኝም» ይላል። ሹፌሩ ወጥቶ ካርቶን ማራገፍ ሲጀምር ጋሼ ቀለም ነው።

መስኮቷን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ያ የሙከራው ስቲከር እስካሁን አለ?»

«የለም፣ የሙከራው ተልጧል። ይሄን ከእህትሽ ልጅ ከፍዬ ገዛሁት።»

«እርስዎ መንዳት ሲጀምሩ እኮ እኔ ገና ትምህርት ቤት ነበርኩ። አዲስ ነኝ ብለው ሲለጥፉ አያፍሩም?»

«ምን አሳፈረኝ? ከለጠፍኩት ወዲህ አንድ ሰው ጮኾብኝ አያውቅም። የማተሚያ ቤት ጎረቤቶቼ በሙሉ ለጥፈዋል።»

«ሁሉም ሰው ከለጠፈ የእውነቱን አዲስ ማን ይታገሠዋል?»

ጋሼ ቀለም ካርቶኑን ትከሻው ላይ እንደያዘ ይህን አሰበበት። ነገሩ ገባው፤ መግባቱ ግን አላስደሰተውም። ካርቶኑን አስቀምጦ ስቲከሩን በጥፍሩ ጠርዝ ጠርዙን ይቆፍር ጀመር። አሞልሙሎት ስለነበር ጫፍ አጣ።

«አይላጥም» አለ፤ በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ተማሪዋ መሪውን እንደጨበጠ፣ «እትዬ፣ እንሂድ ወይስ እንጠብቃቸው?» አላት።

«እንጠብቃቸው» አለች እትዬ ፍሬን፤ ከቦርሳዋ ቢላዋ ካለ ትፈልግ ጀመር።